እናቴ የወሰደችው ስም

በሰለምኩ ጊዜ ሸሃዳ ያስያዙኝ ሼህ፣ «ስም መቀየር ሁሌ ግዴታ አይደለም፤ ያንተ ግን ሥላሴን ስለሚጠራ ይቀየራል። የአባትህን ስም እንዳትነካ» አሉኝ። ከመስጊዱ የምስክር ወረቀት ተቀብዬ ዲላ ፍርድ ቤት አመለከትኩ። ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ወጣ።

በቀጠሮው ቀን ከሁለት ምስክሮቼ ጋር ቀረብኩ። ችሎት አስከባሪው የድሮ ስሜን ሲጠራ ከኋላዬ አንዲት ሴት «አቤት» አለች። እናቴ ነበረች። ከወናጎ እንደምትመጣ አልነገረችኝም።

ዳኛው «ተቃዋሚ ነዎት?» አሏት።

«አይደለሁም። እሱ ከተወው እኔ ልውሰደው ብዬ ነው።»

ዳኛው ተቃዋሚ አለመኖሩን አስመዝግበው ስሜ እንዲለወጥ ወሰኑ። በውሳኔው አዲስ መታወቂያ አወጣሁ። እናቴ አልተቆጣችም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። እኔ እንኳ አንዳንዴ የምስተውን አዲስ ስሜን እሷ አንድም ቀን አልሳተችም።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ወናጎ ሄድኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እሷ ቤት ሥጋ እንደማልበላ አውቃ ቆጮና ጎመን አዘጋጅታለች። ሳህን ስታቀርብ አየሁ፤ ለእሷ አንድ፣ ለእኔ አንድ፣ ከዚያም ሌላ አንድ። ማን እንደሚመጣ ልጠይቃት ስል ወደ ጓሮው በር ሄደች። በድሮ ስሜ ተጣራችና «ና ብላ፣ ወንድምህ መጥቷል» አለች።

አፌ ላይ የደረሰውን አቤት ዋጥኩት።

«አቤት፣ መጣሁ» አለ አንድ ሰው ከእንሰቱ መሃል፣ በእኔው ድምፅ።