ቦታ ቀይረህ እየው

አጎቴ ከሞቱ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ሜዳ ገብቼ ዳኛ መሳደብ እንኳ አልሆነልኝም።

በአገራቸው የድንበር ሽማግሌ ነበሩ፤ የተጣሉትን ገበሬዎች ቦታ አቀያይረው ሳያቆሙ አይፈርዱም። ያንኑ አመል ኳስ ሜዳ ይዘውት ይመጡ ነበር። እኔ «ሌባ!» ብዬ ስነሣ እጅጌዬን ይዘው «ቦታ ቀይረህ እየው» ይሉና ከጎሉ ኋላ ድረስ ይጎትቱኛል። ስንት ጎል በዚህ አመለጠኝ!

እሑድ አጥቂያችን ከሩቅ መትቶ አገባ፤ ዳኛው ሻረው። አጥቂው ከጨዋታ ውጭ አልነበረም። ሜዳው በስድብ ተናወጠ። እኔም አፌን ከፈትሁ፤ እጅጌዬን የሚይዝ ግን የለም። አጠገቤ ያለው፣ እርሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ባዶ ነው። እየተነጫነጭሁ ብቻዬን ወደ ጎሉ ኋላ ዞርሁ።

እዚያ የቆመ ሰው በስልኩ የቀረጸውን አሳየኝ። ኳሷ ስትመታ ሌላው ተጫዋቻችን ተከላካዮቹን ሁሉ አልፎ በረኛው ፊት ተገትሯል። ኳሷን ባይነካም የበረኛውን እይታ ከጋረደ ሕጉ ጥፋት ነው ይላል። ጋርዷል ወይስ አልጋረደም የሚለውን የሚወስነው ዳኛው ነው። እኔ ብሆን ጎሉን አጸድቅ ነበር፤ በረኛው ኳሷን ያያት ይመስለኛል። ቢሆንም ረዳቱ ባንዲራ አነሣ፣ ዳኛው ሄዶ አነጋገረው፣ ያየውን ፈረደ። ቢሳሳት እንኳ አልሰረቀም።

ይኸው ጋሼ፣ ደስ ይበልዎት። ስመለስ ድንጋይዎ ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ «ሌባ!» እያለ ይጮኻል። አብሬው ልጮኽ እየቃጣኝ እጅጌውን ያዝሁት።