ያልተጻፈው በረዶ

አሰብ በተመደብኩበት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። በክረምት አዲስ አበባ እየሄድኩ ዲግሪዬን ለማሟላት እማራለሁ፤ በበጋው ደግሞ በትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ የሠራሁትን ሙከራ ጽፌ በፖስታ እልካለሁ። አንዱ የቤት ሥራ አስፒሪን መሥራት ነበር።

የእንዲህ ያለ ጽሑፍ የአሠራር ክፍል የራሱ አጻጻፍ ሕግ አለው። ሁሉም ነገር ባለፈ ጊዜ ይነገራል፤ አድራጊው ደግሞ አይታይም። «መዘንኩ» የለም፣ «ተመዘነ» ነው። እኔ ይህን ሕግ ወደድኩት። ንጹሕና ጨዋ ነገር ሆኖ ታየኝ። እንዲህ ብዬም ጻፍኩ፦ «ሁለት ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ ተመዝኖ ፍላስክ ውስጥ ገባ። አምስት ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድና አምስት ጠብታ ሰልፈሪክ አሲድ ተጨመረበት። ፍላስኩ በሙቅ ውሃ ውስጥ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጠ። ቀዝቃዛ ውሃ ታክሎበት እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። የወጣው ክሪስታል ተጣርቶ ታጠበ።»

ሐሰት የለበትም፣ ግን ጎደሎ ነው። አሰብ ውስጥ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ሊፈላበት ምንም አይቀረው። ያን ቀን ክሪስታል ያገኘሁት ወደብ ካለው የዓሣ ማቀዝቀዣ በቴርሞስ በረዶ ለምኜ አምጥቼ ነው። እሱም አልበቃ ብሎኝ፣ ክሪስታሉ መያዝ እንዲጀምር የፍላስኩን ውስጠኛ ግድግዳ በመስታወት ዘንግ ፋቅ ፋቅ አድርጌዋለሁ። ታዲያ ዓሣ የሸተተ በረዶ ዩኒቨርሲቲ ፊት እንዴት ይቀርባል? አፈርኩና ተውኩት። ጽሑፌ ተመሰገነ፤ ግልባጩም ለሌሎች መምህራን መመሪያ ተብሎ ላብራቶሪ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ደስ አለኝ እኮ፣ ምን ይደበቃል።

በዓመቱ አንድ አዲስ መምህር መጣ። ከኮሌጅ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ዝምተኛና ቁጥብ ልጅ። እኔ ወባ ይዞኝ አልጋ ላይ ሳለሁ ለአብዮት በዓል ዐውደ ርእይ የሚቀርበውን አስፒሪን እንዲሠራ ታዘዘ። የቀረንን አሴቲክ አንሃይድራይድ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ተጠቅሞ፣ ጽሑፌን ቃል በቃል ተከትሎ ሠራ። ከቧንቧ ውሃ ቀድቶ ጨመረ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ጠበቀ። ከሥር ቅባት መሳይ ነገር ብቻ ቢያይ ተበላሸ ብሎ ደፋው።

ድኜ ስመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀኝ። ርእሰ መምህሩና የሠራተኞች ኮሚቴው ልጁን ፊታቸው ሲያቆሙት ሦስተኛ ቀኑ ነው። «መመሪያው ያውና ግድግዳው ላይ፤ መምህርቷ ራሷ ስትሠራው ወጣ፣ አንተ ስትሠራው ጠፋ። ኬሚካሉን የት አደረስከው?» ይሉታል። አንዱ «አሻጥር» የምትለዋን ቃል ጣል አደረገ። ያኔ ያቺ ቃል ከወጣች ሰው የት እንደሚያድር አይታወቅም። እኔም በረዶው ትዝ አለኝ።

«ጓድ ርእሰ መምህር፣ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፣» አልኩ። አላመኑኝም። በጠርሙሱ የቀረችውን እንጥፍጣፊ ይዤ ፊታቸው ልሥራ ብዬ ለመንኩ። መጠኑን ሁሉ በዚያው ልክ ቀነስኩ። ልጁ ጽሑፌን እያነበበ፣ እኔ የተነበበውን ብቻ እያደረግኩ ሠራን። «ቀዝቃዛ ውሃ ታክሎበት» ሲል ከቧንቧው ቀዳሁ፤ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አራት አለ። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ክሪስታል የለም። ከዚያ ፍላስኩን እንደ በፊቱ ከዓሣ ማቀዝቀዣው በቴርሞስ ባመጣሁት በረዶ ውስጥ አስቀምጬ ግድግዳውን በዘንጉ ፋቅኩ። ነጭ መርፌ መሳይ ነገር ከሥር ተነሥቶ ሞላ።

«እንግዲህ ግለ ሂስ ይጻፍ፣» አለ ርእሰ መምህሩ። እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩ። እጄ የለመደውን ነው የጻፈው፦ «በረዶ ጥቅም ላይ ውሎ ሳለ ሳይጠቀስ ቀርቷል። በዚህም ምክንያት ስህተት ተፈጥሯል።» ከመስጠቴ በፊት ልጁ እንዲያየው ሰጠሁት። የዳነው እሱ ነውና ያመሰግነኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቴ አነበበው።

«እትዬ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ማን ነው ያልጠቀሰው?»

ፊቴ ጋለ። ተናድጄበትም ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ሦስት ቀን ሙሉ ሌባ ሲባል የዋለ ሰው እኔ ወረቀት ላይ ስሸሸግ እያየኝ ነው። ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ አወጣሁና «በረዶውን የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ የተከሰሰው ግን እሱ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩም። ልጁ ብዕሬን ከጠረጴዛው አንሥቶ ክዳኑን ገጠመና ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ እስኪዛወር ድረስ ከሰላምታ በስተቀር አንድ ቃል አልተናገረኝም።