ይታይሽ ለይታይሽ የጻፈችው አቤቱታ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእንግሊዝኛ ፈተናው የመጨረሻ ክፍል ለብቻው በአንድ ወረቀት ታደለ። ይታይሽ ወረቀቷን ገልብጣ በስመ አብ ብላ ካማተበች በኋላ ጣቷን ከቃል ቃል እያስከተለች አነበበችው። እንዲህ የሚል ነበር፦ ተከራይ ነዎት እንበል። በግቢው ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኗል። ለቤቱ ባለቤት የአቤቱታ ደብዳቤ ይጻፉ። ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንዳስቸገረዎት፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉና ካልተደረገ ምን እንደሚያደርጉ ይግለጹ። ከመቶ ሃያ ቃል አይነስ። አርባ ደቂቃ፤ ሃያ ነጥብ።

ፊቷ ጋለ። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሦስት ክፍል የምታከራይ፣ ቧንቧዋም ልክ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የደረቀ አከራይ እሷ ነበረች። ይባስ ብሎ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ሰዓቱን እያየ የቆመው ፈታኝ መምህር አብነት፣ የሁለተኛው ክፍል ተከራይዋ ነው።

«መምህር» አለች ብድግ ብላ፤ ግቢ ውስጥ አንተ የምትለውን ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ አንቱ ነው የምትለው። «ይኼን ለእኔ ብለው ነው ያወጡት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዋ የተቀመጠው አናጢው እምሩ፣ «ይታይሽ፣ ጄሪካን ላውስሽና ቀለሙን በጥብጠሽ ጻፊ!» አላት።

«አንተ አፍህን እንደ በርህ ግጠመው!» ብላ ዞረችበት።

አብነት ጆሮው ድረስ ቀላ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «እትዬ ይታይሽ፣ ወላዲተ አምላክን እኔ አላወጣሁትም። መምህርት እስከዳር ናት ለሁሉም ክፍል ያወጣችው። ከፈለጉ ርእሰ መምህሩን ልጠይቅና ሌላ ርእስ ይሰጥዎ» አላት።

«ሌላ ርእስ? ፈርታ ቀየረች ልባል? የተጠየቅሁትን እጽፋለሁ!»

ተቀመጠች። ይታይሽ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ፊደል የቆጠረችው አባቷ ዳዊት ሲደግም ከጎኑ ተቀምጣ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አስወጥተው ዳሯት፤ ልጆቿን አሳድጋ በማታው ትምህርት አሥረኛ ደረሰች። ዐምና በእንግሊዝኛ ወድቃ ክፍሉን እየደገመች ነው። የማታው ክፍል ከዘንድሮ በኋላ እንደሚዘጋ ስለተነገረ፣ ካላለፈች ሌላ ዕድል የለም። እግዚአብሔር እዚህ ድረስ ያመጣኝ ለፌዝ አይደለም፣ ትላለች ሁልጊዜ።

ብዕሯን አነሣችና ጻፈች። ግን በንዴት የጻፈችው መልስ ነበር። ሰው አቤት የሚለው የተከሰሰበትን ለማስተባበል ነው ብላ ስለምታምን፣ ጥፋቱ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ መሆኑን፣ ለተከራዮቿም እንደ እናት መሆኗን፣ ሰው አመስጋኝ አለመሆኑን ደረደረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአፏ ስትለው የኖረችው ነበርና እንግሊዝኛው ራሱ ያለ ችግር ፈሰሰላት።

«አሥራ አምስት ደቂቃ አለፈ» አለ አብነት።

ቀና ብላ ጥያቄውን ደግማ አየችው። ተከራይ ነዎት እንበል። የጻፈችው የባለቤት መከላከያ ነው፤ የተጠየቀው የተከራይ አቤቱታ። ይህን አስረክባ ብትወጣ ዜሮ ናት።

በገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር ሰርዛ አዲስ ወረቀት ጠየቀች። በቀኝ በኩል የጸሐፊውን አድራሻና ቀኑን፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በግራ የተቀባዩን አድራሻ አሰፈረች። የተቀባዩ ስም ላይ ስትደርስ ጥቂት አመነታችና «ወይዘሮ ይታይሽ» ብላ ጻፈች። ይሁን! ማንን ልፈራ ነው?

ምን ተበላሸ? እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። ምን እንደተበላሸ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለአዲሱ ክፍል ድንጋይ የጫነ ጋሪ ግቢ ስታስገባ፣ ጎማው ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ቱቦ ጨፍልቆታል። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የጽሕፈት ቤቱ፣ ወዲህ ያለው የባለቤቱ መሆኑን መስመሩ ሲገባ ፈርማ የተቀበለችው ራሷ ናት። እሷ ግን ቱቦውን በአሮጌ የጎማ ካለማዳሪ አሥራ፣ ማንጠብጠቡን ሲቀጥል ቆጣሪው ላይ ዘግታ፣ «ጽሕፈት ቤቱ አይመጣም» እያለች ስታማርር ሰነበተች።

ጋሪውን ጻፈችው። ቱቦውንም፣ ከቆጣሪው ወዲህ መሆኑንም።

ምን አስቸገረ? ኮከቤ ትዝ አለቻት፤ ሦስተኛውን ክፍል የተከራየችው፣ ክርስትና ካስነሣች ገና ሁለት ወር ያልሞላት አራስ ቢጤ። ልጇን አዝላ፣ ጄሪካን አንጠልጥላ ከቦኖው ስትመለስ ይታይሽ በር ላይ ሆና «አይዞሽ» ትላታለች። አይዞሽ! «አይዞሽ አይጠጣም» ብላ ልትጽፍ ፈለገች፤ እንግሊዝኛው አልመጣላትም። ስለዚህ ያየችውን ብቻ በአጭር በአጭሩ ጻፈች፤ ሴትየዋ ሕፃን አላት፣ መንገዱ ዳገት ነው፣ በጭቃው ሁለት ጊዜ ወድቃለች።

ምን ይደረግ? እስከ ሰኞ ማታ ቱቦው ይቀየር። ካልተደረገስ? እዚህ ላይ እጇ አልራራም። «ሰኞ ካልሠራሽ ማክሰኞ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ለሽማግሌ ካልታዘዝሽ ለቀበሌው አመለክታለሁ። ዐውቀሽ አትዋሺ።»

ፈርማ ስታበቃ አብነት ወረቀት መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። የእሷን ሲቀበል አላነበበውም፤ አጥፎ ለብቻው አስቀመጠው። «ተከራይዎ ስለሆንኩ እኔ አላርመውም። መምህርት እስከዳር ታርመዋለች።»

«ሰይጣንም ያርመው!» አለችና ወዲያው አማተበች።

ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ወደ ገበያ ወርዳ አምስት ሜትር ቱቦና ሁለት መጋጠሚያ ገዛች። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ሰኞ በጠዋት የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣች። ሠራተኛው ቱቦውን ከጋሪ መንገዱ አርቆ በጥልቀት ቀበረው። ኮከቤ ከክፍሏ ወጥታ ውሃው ሲንፎለፎል አየችና፣ «እትዬ፣ ጽሕፈት ቤቱ መጣልን?» አለች።

«የምን ጽሕፈት ቤት! የእኔ ጥፋት ነበር። የእኔ ጋሪ ነው የሰበረው። ቅጂ፣ ልጅሽን እጠቢ።»

ረቡዕ ውጤት ተለጠፈ፤ አርባ ዘጠኝ። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ መምህርት እስከዳር ፊት ቆመች። እስከዳር ወረቀቱን አውጥታ አሳየቻት፤ ለደብዳቤው ከሃያ አሥራ ሁለት ተሰጥቷታል። መጨረሻው አንቀጽ ላይ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ደብዳቤው ጥሩ ነው፤ ቅርጹም አልተሳሳተም» አለች እስከዳር። «ግን አነጋገሩ በጣም ይቆጣል። ‹ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፣ አመለክታለሁ፣ አትዋሺ›... ለዚህ አራት ነጥብ ቀንሻለሁ። መደበኛ ደብዳቤ ትሕትና ይፈልጋል፣ እትዬ።»

«‹አትዋሺ› ላልሁት ይቀንሱ፤ ይገባኛል። ሽማግሌውን ግን ለምን ይነኩብኛል?»

«ማስፈራሪያ ነዋ።»

«እስቲ ጥያቄዎን ያንብቡት።»

«እኔ እኮ ነኝ ያወጣሁት!»

«እንግዲያው አይከብድዎም፤ ያንብቡት።»

እስከዳር ፈገግ አለችና አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝግ አለ፤ ካልተደረገ ምን እንደሚያደርጉ ይግለጹ።

«ገለጽሁ» አለች ይታይሽ። «በእኛ አገር ለጎረቤት ከቀበሌ በፊት ሽማግሌ ነው የሚላከው። ከዚህ የበለጠ ትሕትና የት አለ? ሴትየዋንም ዐውቃታለሁ፤ በለስላሳ ቃል የምትሰማ አይደለችም።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«የተጻፈላት።»

እስከዳር የተቀባዩን ስም አየች፣ ቀና ብላም ባለጉዳይዋን አየች። ከጎን ጠረጴዛ አብነት ደብተር ውስጥ ፊቱን ቀብሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቀዩ ብዕር ተነሣ። እስከዳር «አትዋሺ» የሚለው ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ተቀንሶ እንዲቀር አድርጋ ሌላውን ቀይ መስመር ሰረዘች። አሥራ ሁለቱ አሥራ አምስት፣ አርባ ዘጠኙም ሃምሳ ሁለት ሆነ።

«ተመስገን!» አለች ይታይሽ፤ ከዚያም ወረቀቱን ገና ሳትለቅ፣ «ያቺ አንዷስ ነጥብ? ውሸታም ነበረች እኮ።»