ከሦስት በላይ ለሚወስዱ

አባቴ ሳጥን ሠሪ ነበር። ሶዶ ውስጥ እንዲሁ «ሳጥን» ከተባለ የልብስ ሳጥን ማለት አይደለም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያብራራውም። ሱቃችን ያለበት መንገድ ላይ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩ ሰዎች ዕቃቸውን አስፋልቱ ዳር ደርድረው አላፊ አግዳሚውን ይጠራሉ። አባቴ ግን ሥራውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚያቆመው። ሰዎች ሳጥን ወስደው ሲወጡ «ደግሞ ይምጡ» አይልም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይልና እስከ በሩ ይሸኛቸዋል። «ደንበኛ» የሚለውን ቃል አይወድም ነበር። የሞተበት ሰው እንዴት ደንበኛ ይባላል ይላል።

እኔ ግን ደንበኞች እንዳሉን አውቅ ነበር፤ አራት ዕድሮች። አባል ሲሞት ሳጥኑን የሚገዛው ቤተሰቡ ሳይሆን ዕድሩ ነው፤ የቤተሰቡ ፋንታ ማልቀስ ብቻ ነው። አራቱም ዕድሮች ለዓመታት ከአባቴ ውጭ ወደ ማንም ሄደው አያውቁም። ቤታችን የቆመው በእነሱ ላይ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከጣውላው ነው። ከአረካ በኩል የሚመጣው ጣውላ ዋጋው በየጊዜው ይወጣል፤ ጨርቁም፣ ምስማሩም፣ ኮላውም ተከተለው። አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ በድሮው ዋጋ ሠራ። በዚህ መሃል ወደ ቦዲቲ መውጫ አንድ አዲስ ሱቅ ተከፈተ፤ ቫርኒሹ የሚያብረቀርቅ፣ ጣውላው ስስ፣ ዋጋው የሚያማልል። እኛም ጣውላውን እናሳሳ ብለው አብረውት የሚሠሩት ሰውዬ አንድ ቀን ቢያነሡበት፣ «ተሸካሚዎቹ ዳገት ላይ እያሉ ታቹ ተገንጥሎ ቢወድቅስ?» ብሎ ወደ መላጊያው ተመለሰ። ዋጋ ካልጨመረ ሱቁ ይዘጋል፤ ከጨመረ ደግሞ ዕድሮቹ ወደ ቦዲቲ መውጫ ይሄዳሉ። በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም።

እኔ በማርኬቲንግ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ዲግሪዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ አባቴ ወንበሩን ወደዚያ ፊት ለፊት ያዞርለታል። እናም አንድ ማለዳ «ለዕድሮቹ ደብዳቤ ጻፊልኝ። ዋጋ መጨመራችንን ንገሪያቸው፤ ግን እንዳያኮርፉን አድርገሽ» አለኝ። ከዚያ የቤታችንን ቋንቋ ወላይታቶውን ትቶ በአማርኛ «የተማረ ይግደለኝ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከተመረቅኩ ወዲህ ማንም ምንም አልጠየቀኝም ነበርና።

ደብዳቤውን በደንብ ጻፍኩት፤ ዛሬም ከአንዱ መስመር በስተቀር አላፍርበትም። መጀመሪያ አመሰገንኩ። ጭማሪውን በጨዋታ ሳልሸፍን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተናገርኩ፤ ምክንያቱን ዘረዘርኩ፤ የጣውላው ውፍረት እንደማይነካ አረጋገጥኩ። ዕድር በራሱ መተዳደሪያ ደንብ የታሰረ ነው፤ ለሳጥን የሚያወጣውን ለመቀየር አባላቱ በወርኃዊ ስብሰባቸው መስማማት አለባቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕድር ተሰብስቦ እስኪወስን ድረስ በድሮው ዋጋ እንሠራለን አልኩ። የሕፃናት ሳጥን ዋጋ ፈጽሞ አይጨምርም አልኩ። አባቴ ይህን ሁሉ አስቀድሜ በአፌ ስነግረው ራሱን እየነቀነቀ ይስማማ ነበር።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ትምህርት ቤት የተማርኩት አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ዋጋ ስትጨምር ለታማኝ ደንበኛህ አንድ ነገር ስጠው። እናም እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «በአንድ ወር ውስጥ ከሦስት በላይ ለሚወስዱ ዕድሮች ከአራተኛው ጀምሮ ልዩ ቅናሽ እናደርጋለን።» በአማርኛ ሲነበብ ምንም አይልም። የሲሚንቶ ማስታወቂያ ይመስላል፤ የቢሮ አማርኛ ሁሉን ነገር እንዲህ አድርጎ ያለሰልሰዋል።

አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን በወላይታቶ ቀስ እያለ ያነባል፤ የቢሮ አማርኛ ግን አይዘልቀውም። ስለዚህ ማኅተም ከመምታቱ በፊት ደብዳቤውን ወደ ወላይታቶ እየመለስኩ አነበብኩለት። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ምላሴ እምቢ አለ። እናቴ በምታናግረኝ ቋንቋ፣ ሰው ሲሞት በምናለቅስበት ቋንቋ፣ «በአንድ ወር ከሦስት በላይ ከሞታችሁ» ከማለት ሌላ መንገድ አጣሁ። ዘለልኩት። «አክባሪያችሁ ይልና አንተ ትፈርምበታለህ» አልኩት። «ጥሩ ነው ልጄ» ብሎ ማኅተሙን መታ። አራቱም ላይ።

ለምን ያኔ አልሰረዝኩትም? እንደገና ለማተም ሰንፌ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ቀላል ኃጢአት ነው። እውነቱ ግን መስመሩን እወደው ነበር። የተማርኩት እዚያች ላይ ብቻ የሚታይ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የተሰበሰበው የራሳችን ሰፈር ዕድር ነው፤ እሑድ ከቸርች በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ። አባቴ ራሱ አባል ስለሆነ ከሽማግሌዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነኝ። የዕድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በወላይታቶ ያነብ ጀመር። የሕፃናቱ ሳጥን ላይ ሲደርስ አንዲት እናት ዓይኗን ጠረገች፤ አሳመንናቸው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን በአማርኛ አነበበ። መምህር ነውና የተጻፈ ነገር አይዘልም፤ በወላይታቶም አለው።

ወንድማቸውን ከቀበሩ ገና ወር ያልሞላቸው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ዋጋው ይሁን፤ ጣውላ መወደዱን እናውቃለን» አሉት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በወር ስንት ስንሆንልህ ነው ደስ የሚልህ?»

እኔ ቆሜ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ማለት እችል ነበር። ከአፌ እስከ እነሱ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አልተነሣሁም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንን ሃያ እርምጃ እቆጥራለሁ።

አባቴ ተነሣና ኮፍያውን አወለቀ። መጀመሪያ ወደ ሴቶቹ በኩል አንድ ጊዜ አየ፤ አየኝ። ከዚያ ዞረ።

«ማኅተሙ የእኔ ነው» አለ። «ቃሉ የእኔ ነው። አጥፍቻለሁ።»

ቀጥሎም እንዲህ አላቸው። «ስንት ዓመት ሠራሁላችሁ። እጄ ሳጥን እየሠራ አፌ ሁልጊዜ ይሄኛው የመጨረሻ ይሁን ይላል፤ ከዚያ ቤት ገብቼ በምን እንደምበላ አላውቅም። አሁን ጣውላው አሸነፈኝ። ብጨምር አፍራለሁ፤ ካሳሳሁት ግን እናንተን አዋርዳለሁ። የምትችሉትን ወስኑ። ሌላ ጋ ብትሄዱም አልቀየምም፤ ስትሸከሙ ግን ታቹን በእጃችሁ ደግፉ።»

ተቀመጠ። ሽማግሌው አግዳሚውን ዞረው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ጭማሪው በአንድ ድምፅ አለፈ። በማግሥቱ አባቴ ወደ ሦስቱ ዕድሮች በእግሩ ሄዶ ደብዳቤዎቹን ሳይነበቡ መለሰ፤ በየሰብሳቢው ደጅም ያንኑ በአፉ ተናገረ። አራቱም ቀሩልን። ወደ ቦዲቲ መውጫ የሄደ አንድም የለም። የመምህሮቼን ስላይድ ሁሉ ብገለባብጥ የአባቴን ንግግር ያህል ደንበኛ የያዘ ማስታወቂያ አላገኝም።

ከስብሰባው ስንመለስ ግን ጎን ለጎን ሄድን፤ ባጃጅ ቢያልፍም አልጠራም። ቤታችን ልንደርስ ስንል ጠየቀኝ።

«ያነበብሽልኝ ቀን ያ ነገር ደብዳቤው ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዘለልሽው?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ካፍ ሳይወጣ የቀረው ግን ይብሳል።

«እኔ ፊት ለማንበብ ካፈርሽ» አለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «እነሱ ፊት እንዲነበብ ለምን ላክሽው?»

ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ይቅር አለኝ። አባቴ ቂም የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ ማታ እራት ላይ እንደ ወትሮው ቀድሞ ለእኔ ቆረሰልኝ። ዲግሪውም ከግድግዳው አልወረደም። ብቻ ከዚያ ወዲህ የሚነበብ ወረቀት ወደ እኔ አልመጣም። የመብራቱም፣ የግብሩም፣ የቀበሌውም ወረቀት በኪሱ ሆኖ ወደ ጸሐፊው ቤት ይሄዳል። መጀመሪያ አላስተዋልኩም። ሳስተውል ደግሞ «ስጠኝ ላንብብልህ» ለማለት አፈርኩ።

በቀጣዩ ክረምት ሳል ያዘው። የመጋዝ ብናኝ ነው አልን፤ እሱም እንደዚያ አለ። ሆስፒታል ብቻውን ሄዶ መጣ፤ «መድኃኒት ሰጡኝ» አለንና ወደ ሥራው ተመለሰ። ደህና ነው ብለን ተቀመጥን። ሁሉንም ያወቅኩት እሱ ከተቀበረ በኋላ፣ ለቅሶ ሊደርሰን የመጣው ጸሐፊ ወደ ጓሮ ጠርቶኝ ነው። አባቴ ወደ አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ይዞ እሱ ቤት መጥቶ ነበር አለኝ። በሽታው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ እስከ የት እንደደረሰም ተጽፏል።

«አንድም ቃል ሳትዘል አንብብልኝ አለኝ» አለ ጸሐፊው። «እኔ ለማለዘብ ፈልጌ ነበር። እጄን ያዘና ‹እንዳለ› አለኝ። አነበብኩለት። አመስግኖኝ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ‹ልጅህ እኮ ቤት አለች፣ እንግሊዝኛዋም ከኔ ይሻላል፣ ለምን ለሷ አላሳየሃትም?› ስለው፣ ‹እሷ ትሳሳልኛለች› አለኝ።»

እዚያው የጣውላው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ለእኔ ቢያመጣው ኖሮ የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዘላቸው ነበር። አባቴ ያንን ያውቅ ነበር።