ከአፍንጫ በታች የሌለው ፎቶ

ሰው ፎቶ ቤቴ ገብቶ «ይቺን አስተካክይልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወረቀቱ የታለ? በፍላሽ የመጣ፣ በስልክ የተነሳ፣ የኮፒ ኮፒ አልወድም። ወረቀቱ በእጄ ካለ ደጋግሜ ስካን አደርገዋለሁ፣ አገላብጬ አየዋለሁ፣ የሆነ ነገር አላጣበትም። ሞጣ ላይ ይህን ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ይህን ስናገር ኖሬያለሁ፤ ደንበኞቼ ስሰብክ ይስቁብኛል። በገዛ ዘመዴ ላይ ግን ስብከቴ አልሠራም።

ዘመዴ የምለው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቢቸና ከእናቱ ጋር ይኖራል። እናቱ፣ የኔ ሴት አያት፣ ቆብ ከደፉ ቆይተዋል፤ ሁላችንም እማሆይ እንላቸዋለን። ወንድ አያቴ በደርግ ጊዜ አንድ ጠዋት ከቤት ተጠርተው ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። ሬሳ አልመጣ፣ መርዶ አልመጣ። አጎቴ ያኔ ገና በሆድ ነበር። እማሆይም «ሞቷል ያለኝ ሰው የለም» ብለው ልቅሶ ሳይቀመጡ፣ ተዝካር ሳያወጡ አረጁ። ተዝካሩ ይውጣ ብለው የመከሯቸውን የነፍስ አባታቸውን እንኳ ተቆጥተው መልሰዋል። እናቴ አባቷን ሳታለቅስ ሞተች።

ከዕለታት አንድ ቀን አጎቴ ደወለልኝ። 

«እናቴ እሺ አለች» አለኝ። «እኔ ሳልሞት ላልቅሰው፣ ወግ ይድረሰው አለች።»

እኛ አገር ሬሳ ከሌለ በልብሱ፣ በጠመንጃውና በፎቶው ላይ ይለቀሳል። የአያቴ ጠመንጃ ያኔውኑ ተወስዷል፤ ልብሳቸውንም ብል በልቶታል። የቀረው ፎቶው ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን እማሆይ በዚያ ቤት ለቤት በሚፈተሽበት ጊዜ ለሁለት አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ሰፍተውት ስንት ዓመት ታጥቀውት ኖረዋል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ መዳፍ ያክላል። አያቴ ለፍርድ ቤት ክርክር ደብረ ማርቆስ ወርደው ሳለ የተነሱት ነው ይባላል። እጥፋቱ ያረፈው ልክ ከአፍንጫቸው ሥር ነው። ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀደደ። ሥዕሉን የሚይዘው ደግሞ ወረቀቱ አይደለም፤ ከላይ የተቀባችው ስስ ቆዳ ናት። እሷ በእጥፋቱ ግራና ቀኝ ተፈረፈረች፣ ረገፈች። ከንፈር የለ፣ አገጭ የለ፤ ባዶ ነጭ።

አጎቴ ፎቶው ከዚህ በላይ እንዳይበላሽ ብሎ ቢቸና ካለ አንድ ኮፒ ቤት ወሰደና በላስቲክ አስለበጠው። አዎ፣ ላሚኔት! መታወቂያ ይመስል። ሁለቱ ግማሾች ሳይገጥሙ፣ አንዱ ከአንዱ እንደተንሸራተተ፣ በጋለ ሮለር አልፈው ተጣበቁ። ከዚያ እዚያው ስካን አስደረገና ፍላሹን በሚኒባስ ሾፌር ላከልኝ።

ፍላሹን ከፈትኩት። ስካኑን ያደረገው ሰው በጣም አሳንሶታል፤ ትንሽ ጎላ ሳደርገው የአያቴ ዓይን አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። ላስቲኩ የተጨማደደበት ቦታ የማሽኑን መብራት መልሶ ግንባራቸው ላይ ነጭ መስመር ጥሏል። ስልኬን አንስቼ ጮህኩበት፦

«ይሄ አይሆንም! ወረቀቱን ራሱን ይዘህ ና!»

እሱ ደግሞ ቀና ሰው ነው፤ ቀናነቱ ነው የገደለን። «ወረቀቱን ራሱን» ስለው፣ ያለ ላስቲኩ ማለቷ ነው ብሎ ገመተ። እንዳልደክም ብሎ፣ ውለታ ሊውልልኝ፣ ላስቲኩን ቤቱ ቁጭ ብሎ በምላጭ ጀምሮ ላጠው። ሱቄ ሲደርስ ከመጽሐፍ መሐል ሁለት ነገር አወጣ፦ ለሁለት የተቀደደ ነጭ ወረቀትና አንድ ላስቲክ። የአያቴ ፊት ላስቲኩ ላይ ተለጥፎ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንጠልጥሏል።

«ኧረ በስመ አብ!» ብዬ ራሴን ያዝኩ። «ምን አደረግክ? ምን ነካህ?»

«ንጹሕ እንዲሆንልሽ ብዬ እኮ ነው» አለ።  ትልቅ ሰውዬ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን እያየ ቀረ። መሳደቤን አቆምኩ። አባቱን አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያን ወረቀት ነው፤ እሱንም በገዛ እጁ ላጠው።

ላስቲኩን ስካነር ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ግራጫ ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ ወጣ። እንግዲህ በዓለም ላይ የቀረው የአያቴ መልክ ያ የተናቀ፣ ያነሰ፣ የደበዘዘ ስካን ሆነ።

ሥራውን ጀመርኩ። የሚመለሰውን ልመልስ አልኩ። የደበዘዘ ፎቶ ላይ ሁሉም ነገር ወደ አንድ ዓይነት ግራጫ ይጠጋጋል፤ ጥቁሩን ወደ ጥቁር፣ ነጩን ወደ ነጭ እየጎተትኩ ሳራርቀው አያቴ ከጭጋግ ወጡ። ጆሯቸው መጣ። ትከሻቸው ላይ ጋቢ መደረቡ ታየ፤ ከጋቢው ሥር የኮት ቁልፍ ብቅ አለ፣ እማሆይ እንኳ ነግረውን የማያውቁት። የተንሸራተተውን ግማሽ ቆርጬ ከሌላው ጋር አገጣጠምኩ። የጋቢውን ስንጥቅ ከጎኑ ካለው ደህና ቦታ እየቀዳሁ ሸፈንኩ። ግንባራቸው ላይ የነበረውን የላስቲክ መስመርም እንዲሁ፤ ከበላዩና ከበታቹ ቆዳው ስላለ አይከብድም። አጎቴ ከኋላዬ ቆሞ በየደቂቃው «ወይኔ! ወይኔ አባቴ!» ይላል። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከአፍንጫ በታች ስደርስ እጄን አነሳሁ።

«ቀጥይ እንጂ» አለኝ።

«ምኑን ልቀጥል? እዚህ ምንም የለም። የደበዘዘ ሌላ፣ የሌለ ሌላ። የደበዘዘውን አወጣዋለሁ፤ የሌለውን ከየት አመጣለሁ?»

«አፍ የሌለው ሰው ድንኳን ውስጥ ሊቆም ነው? አገሩ ምን ይላል?»

«አፉን በጋቢ ልሸፍንልህ?»

«አትቀልጂ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «የኔን አድርጊበት። እናቴ ሁሌ ቁርጥ አባቱን ነው ትል የለም?»

እማሆይን እንጠይቃቸው አልኩት፤ ጺም ነበራቸው ወይ፣ ከንፈራቸው ስስ ነው ወፍራም። አጎቴ በሞቴ አለ፣ አፈር ስሆን አለ። ከጠየቅናት ሐሳቧን ትለውጣለች፣ ልቅሶው ይቀራል፣ ተዝካሩም ሳይወጣ እሷም ትሞታለች አለ። እሱ የፈራው ይህን ነው። የድንኳኑ ቀን ተቆርጧል፣ ዘመድ ተጠርቷል። እሺ አልኩ።

የአያቴ ፊት ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው፤ አጎቴንም በዚያው አቅጣጫ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ አፉን አስገጥሜ አነሳሁት። ቀለሙን አጠፋሁ፣ አደበዘዝኩት፣ የአሮጌ ፎቶ ሸካራነት ጨመርኩበት፤ አለዚያ አዲስ ጥርስ እንዳስተከለ ሰው ያስታውቃል። ገጠመ። ክራቫትም እንድጨምርላቸው ለምኖኝ ነበር፤ እሱን እንኳ ከለከልኩት። ትልቅ አድርጌ አትሜ ፍሬም ውስጥ ከተትኩት።

ቢቸና ልቅሶው ድንኳን ሞልቶ ነበር። ፎቶው ወንበር ላይ፣ ነጭ ሻሽ ለብሶ ተቀመጠ። አልቃሿ ቀርባ ዓይኑን አወደሰች፣ ግንባሩን አወደሰች፣ ቀጥላ አፉን አነሳች፤ ሸንጎ ላይ የሚደመጠውን፣ ሐሰት የማያውቀውን አፍ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። ሰው ሁሉ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ አጎቴን እያየ «ቁርጥ አባቱን!» ይላል። ቁርጥ ነው እንጂ፤ ቆርጬ የለጠፍኩት እኔ።

እማሆይን ደግፈው ከፎቶው ፊት አመጧቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ አዩት። ሰው ጩኸታቸውን ሲጠብቅ እሳቸው ወደኔ ዞሩና ቀስ ብለው፦

«አፉ እንዲህ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«እማሆይ፣ እሱ ቦታ ጠፍቶ ነበር» አልኩ።

«እሱማ አውቃለሁ።» ደግመው አዩት። ከዚያ ተቀመጡና አለቀሱ፤ ግን ድምፅ ሳያወጡ። ሰዉ ወጉ ደረሰ ብሎ አመሰገነ። ተዝካሩም ወጣ። አጎቴ ያን ቀን ቀና ብሎ ነው የሚሄደው፤ አባት ያለው ሰው ሆኖ ዋለ።

ትንሽ ሰንብቶ እማሆይ አስደወሉልኝ። «ያን ቀዳዳውን ፎቶ አምጪልኝ» አሉ። ወረቀቱ የለም፣ ግን ስካኑ አለኝ፤ ምንም ሳልነካ በዚያችው በመዳፍ ልክ አተምኩትና ይዤላቸው ሄድኩ። ትልቁ ፍሬም ግድግዳው ላይ ፊቱን አዙሮ ተሰቅሏል።

ትንሿን ተቀበሉኝ። አውራ ጣታቸውን በባዶው ነጭ ላይ አሳረፉ፣ አነሱ፣ ደግሞ አሳረፉ።

«ድሮ እዚህ ላይ ሳይ እሱ ይመጣልኝ ነበር» አሉ። «ሲስቅ፣ ሲቆጣኝ፣ ያቺ ጥርሱ... ወረቀቱ ላይ ባይኖርም እኔ ጋ ነበር። ማንም አልወሰደብኝም። አሁን ሳይ ልጄ ነው የሚመጣው።»

«ይመለሳል፣ እማሆይ። ቀስ ብሎ ይመለሳል።»

«ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜም ሞከርኩ። ልጄ ነው።»

እኔ የማውቀው ስካኑ ላይ የነበረውን ባዶ ነው። ያ ባዶ እሳቸው ዘንድ ሙሉ መሆኑን ማን ነገረኝ? አለቀስኩ። በልቅሶው ቀን ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

በዚህ መሐል አጎቴ ምሳ ይዞ ገባ። «እንዴት ነሽ የኔ ፎቶ አንሺ!» አለኝና ሳቀ። እማሆይ ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ልጄ» አሉት፣ «እባክህ እኔ ፊት አትሳቅ።»

አጎቴ ትሪውን እንደያዘ ቆመ። እኔን አየኝ፣ ትንሿን ፎቶ አየ፣ ገባው። ትሪውን መሬት አስቀምጦ አፉን በእጁ ሸፍኖ ወጣ።