አንድ ትዕይንት፣ አንድ ፋይል

ዝርክርክ ነገር ያሳብደኛል። ያበላሸኝ መዝገብ ቤት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ማኅደር ስሰጥና ስመልስ ኖሬ፣ ቦታውን የሳተ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሥራውን ትቼ ሰበታ ቤቴ ውስጥ የካርቱን ፊልም ልሥራ ብዬ ስነሣም፣ መሳሉን ለሚችል ሰው ሰጥቼ ሥርዓት ማስያዙን ለራሴ ያዝኩ። የምችለው እሱን መስሎኝ!

ሦስት ነበርን። ሠዓሊዋ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ነው የምትኖረው፤ የገጸ ባሕርያቱን እንቅስቃሴ ሥዕል በሥዕል የምትሠራው እሷ ነች። ሱሉልታ ደግሞ የአጎቴ ልጅ አለ፤ እሱ ድምፅ ያስገባል፣ ትዕይንቶቹን ይቀጣጥላል። እኔ ታሪኩን ጻፍኩ፣ ከበስተጀርባ የሚታየውን ሜዳና ዛፍ ቀባሁ፣ ፋይሎቹን ጠበቅሁ። ፊልሙ ስድስት ደቂቃ የሚሆን የልጆች ታሪክ ነው፤ ድልድይ አልሻገርም ብላ ስላመፀች አንዲት አህያ።

በኢንተርኔት እንዳንላላክ ፋይሉ ከባድ፣ መስመሩ ደካማ። ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ እዞር ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እንዳሻው ነበር ስም የሚያወጣው። ሠዓሊዋማ አታድርስ ነው! «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «የምር የመጨረሻ»። አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ የተጣለውን «የመጨረሻ» ወስዶ ሦስት ቀን ድምፅ ሲያስገባበት ከረመ። ያን ጊዜ ነው ሕግ ያወጣሁት።

ሕጉን በወረቀት አትሜ የሦስታችንም ግድግዳ ላይ አስለጠፍኩ። አንድ ትዕይንት፣ አንድ ፋይል። ስሙ የትዕይንቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ «አዲስ»፣ «የመጨረሻ» የሚባል ነገር የለም። ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ዲስኩን ይዤ ስመጣ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩንና ኮምፒውተሩን ያስተያይና በሁለቱም ላይ ያለውን ፋይል በቀኑ አይቶ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይተካዋል። ቤት ስገባ ደግሞ ያንኑ ዲስክ ሁለተኛ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። ይኸው ባክአፕ! እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ከዚያ እናቴ ታመመችና ስድስት ሳምንት ከሰበታ መውጣት አቃተኝ። ሠዓሊዋ በዚያን ጊዜ ትዕይንት አሥራ ሁለትን ይዛ ነበር፤ አህያዋ ድልድዩን ትታ ደራሽ ወንዝ ውስጥ የምትገባበትን። ሃያ ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል፣ ሁለት መቶ አርባ ሥዕል። የስምንት ወር ልጅ አላት። ልጁ ሲተኛ ትስላለች፣ ሲነቃ ታቋርጣለች። በየሳምንቱ የሠራችውን አሳንሳ በስልክ ትልክልኝ ነበር። ውሃው አንገቷ ድረስ ሲደርስ አህያዋ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ታጥፋቸዋለች፤ በዚያች ትንሽ ቪዲዮ እንኳ አይቼው አልቅሻለሁ። እናቴን ሳስታምም ያጽናናኝ እሱ ነበር።

እናቴ ተሽሏት ቡራዩ የሄድኩ ቀን፣ ልጇን ታቅፋ በሩን ከፈተችልኝ። ኮምፒውተሩን አየሁ። የትዕይንት አሥራ ሁለት ፎልደር ውስጥ ዘጠኝ ፋይል! «ወንዝ ጥሩው»፣ «ወንዝ ጆሮ የተስተካከለ»፣ «ይሄኛው ነው»...

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አልኳት። «ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ለጌጥ ነው እንዴ?»

«እትዬ፣ ፈርቼ ነው። መብራቱ ድንገት እየጠፋ፣ አንዱ ቢበላሽ ብዬ...»

«ቢበላሽ ባክአፕ አለን! በይ አሁን የመጨረሻውን ስሙን አስተካክዪ፣ ሌላውን አጥፊ።»

ልጁን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እያጠፋች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ። «ይሄኛው ነው» የሚለውን ትዕይንት አሥራ ሁለት ብላ ሰየመችው። ስምንቱን አጠፋች። የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያም ባዶ አስደረግኋት። ዲስኩን ስሰካ ዘወር ብላ፣ «እትዬ፣ ሰሞኑን መብራት በጠፋ ቁጥር የዚህ ኮምፒውተር ሰዓት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ችግር ይኖረዋል?» አለችኝ።

«አንቺ ሰዓት ሠሪ ነሽ ወይስ ሠዓሊ?» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ፕሮግራሙ የእኔን አዳዲስ ሥዕሎችና የሱሉልታውን ድምፅ ሁሉ ወደ እሷ ኮምፒውተር ሲያወርድ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ስህተት ዜሮ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። በማግስቱም ጠዋት ሱሉልታ አደረስኩ።

የአጎቴ ልጅ ነፋስ ከሚገባበት ክፍሉ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀብሎኝ፣ «አካም ጂርታ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ካለኝ በኋላ ዲስኩን ሰካ። ትዕይንት አሥራ ሁለትን ከፈተ።

«ስሚ፣ ይሄ እኮ ከስድስት ሳምንት በፊት ያየነው ንድፍ ነው።»

አየሁት። የእርሳስ ጭረት። አህያዋ ጆሮ እንኳ የላትም።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። «የትኛውን ነው ያስቀረሽው?» እያልኩ ጮህኩ። ሮጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ እዚያም ንድፉ ብቻ ነው። ሰበታ ያለውም ዲስክ ከዚሁ የተገለበጠ ነው። ትንፋሿ ይሰማኛል። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። የተሳሳተውን አስቀርቼ ጥሩውን አጥፍቼ ነው። እንቅልፍ ስለሌለኝ ነው...» አለች።

«ጭንቅላትሽ የት ነበር?» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ስጽፈው ያቃጥለኛል።

ኮምፒውተሯን ቡራዩ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። የጠፋው ቦታ ላይ አዲስ ነገር ተጽፎበታል፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ያወረድነው ሁሉ እላዩ ላይ ሰፍሯል አላት። አንዳንድ ፋይል አወጣላት፤ አንዱም አልከፈት አለ። ከዚያ ስልኳ ላይ የቀረችውን ብዥ ያለች ቪዲዮ እያየች ከአንደኛው ሥዕል ጀመረች። አንድ ቃል አላጉረመረመችም። እኔም ይቅር እንዳልኳት ሆኜ፣ «አይዞሽ፣ ሰው ነሽ» እላት ነበር። አይ ድፍረት!

አንድ ከሰዓት በኋላ ዲስኩ ሊሞላ ሆነና ላጽዳው ብዬ የፕሮግራሙን መዝገብ ከፈትኩ። የሠራውን ሁሉ በየመስመሩ የሚጽፍበት ፋይል አለው፤ አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም። መዝገብ ቤት የኖርኩት ሴትዮ! ትዕይንት አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ፣ ከዲስኩ ወደ ኮምፒውተሩ ይላል። ከእሷ ወደ እኛ መገልበጥ ሲገባው ከእኛ ወደ እሷ ገልብጧል። አጠገቡ ቀኖቹ ተጽፈዋል። የዲስኩ ንድፍ ያን ቀን የስድስት ሳምንት ዕድሜ ነበረው። የእሷ ሥራ ግን፣ ልጇ ሳይወለድ፣ እኛም ሳንተዋወቅ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ይላል።

ሰዓቱ። የነገረችኝ ሰዓት፤ ፋይሉ ላይ ቀኑን የሚጽፈው እሱ ነው።

ትክክለኛውን ነበር ያስቀረችው። ስሙንም በትክክል ነበር የጻፈችው። የእኔ ሕግ ነው አሮጌውን አዲስ ብሎ የስድስት ሳምንት ሥራዋን የደመሰሰው፤ ሁለተኛው ዲስኬም ጥፋቱን እንዳለ ገለበጠ እንጂ ምንም አላዳነም። ሊያድኗት የሚችሉትን ስምንቱን ደግሞ ቆሜ አስጠፋኋቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ነገርኩት። «ንገሪያት» አለኝ። «ፊልሙ ይለቅና» አልኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ ንገሪያት እንጂ! እኔ አልነግርልሽም» ብሎ ዘጋው።

አልነገርኳትም። ሦስት ቀን። ይልቅ ሕጉን ቀየርኩ። በተቀመጠ ቁጥር ከስሙ ኋላ ተራ ቁጥር ይጨመራል፣ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት እያለ፤ በሌላው ላይ የሚጻፍ ፋይል አይኖርም፤ ሦስተኛ ቅጂ ሱሉልታ ይቀመጣል፣ አሮጌውም አይጠፋበትም። ፕሮግራሙንም እንዳይተካ፣ እንዲጨምር ብቻ አደረግሁት። ለኮምፒውተሯ ሰዓት የምትሆን ክብ ባትሪ ገዛሁ። በዚህ ሁሉ ኃጢአቴ የሚሠረይ መስሎኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ።

አዲሱን ወረቀትና ባትሪውን ይዤ ቡራዩ ሄድኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጁ የለም።

«ሆለታ ነው፣ አማቴ ጋ» አለችኝ።

«ጎሽ! አሁን ተረጋግተሽ ትሠሪያለሽ» አልኳት። እንዲህም ብያለሁ።

ኮምፒውተሯን ከፈተች። አንዱን ሥዕል አስቀመጠች፤ ከዚያ አጠገቧ ያለ ደብተር ላይ ጻፈች። እንደገና ፋይሉን ከፍታ አየችው፤ እንደገና ጻፈች። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። «ትዕይንት 12 አስቀምጫለሁ። ከፍቼ አይቼዋለሁ።» ከሱ በላይ፦ «ምድጃውን አጥፍቻለሁ። ተመልሼ አይቻለሁ።» ከሱ በላይ፦ «በሩ ተቆልፏል።» ገጹን ገለጥኩት። ሙሉ ነው። «ልጁን አጥቤዋለሁ። ከውሃው አውጥቼዋለሁ። አልጋው ላይ ነው። ነክቼዋለሁ።»

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«እትዬ፣ ያን ቀን ትክክለኛውን እንዳስቀረሁ እምላለሁ። በዓይኔ አይቼው ነበር። ግን የለም። እንዲህ አይቼ የማላይ ከሆነ፣ ልጁን ሳጥበው አንድ ቀን ብረሳውስ አልኩ። ለባለቤቴ ነገርኩት። ለጊዜው እናቴ ጋ ይሁን አለ፤ እኔም እሺ አልኩ።» ደረቷን በእጇ ያዘች። «ጡቴ ያመኛል።»

መሬቱ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። «ትክክለኛውን ነው ያስቀረሽው» አልኳት። «ስሙንም አልተሳሳትሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስለ ሰዓቱ ነግረሽኝ ነበር፤ ሳቅሁብሽ። ካወቅሁ ሦስት ቀኔ ነው።» መዝገቡን አትሜ ይዤው ነበር፤ ሰጠኋት። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ቀኑን አነበበች። እንደገና አነበበችው።

እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። ዞራ እንኳ አላየችኝም። ስልኳን አነሣችና ሆለታ፣ አማቷ ጋ ደወለች።

«እማማ፣ ልጄን ያምጡልኝ» አለች። «አሁኑኑ። ደኅና ነኝ። ደኅና ነበርኩ።»