ለመምህርቷ የተጻፈ ደብዳቤ

ዘንገና ሐይቅን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ጉሙ ነው። ጠዋት ሐይቁ ላይ ይተኛና ውሃው የት እንደሚጀምር አይለይም። ያንን ሳምንት ሳስታውስ እኔም እንደዚያው ነኝ፤ የቱን በዓይኔ እንዳየሁ፣ የቱን በህልሜ እንዳየሁ ይምታታብኛል። ጥፋቴን ግን አልረሳሁም። ጥፋትማ መች ይረሳል!

ያኔ ከሐይቁ ብዙ በማትርቀው በቆሰበር ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ ፈረንሳውያን መነኮሳይያት ዘንድ አድሬ ስለተማርኩ ፈረንሳይኛ አውቃለሁ። አንዲት ፈረንሳዊት የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የዘንገናን ተረት ልትመዘግብ ስትመጣ፣ አስተርጉሚ ተብዬ ከዳንግላ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ታዘዝኩ። ተረቱን ከነሙሉው የሚያውቁት ሐይቁ አጠገብ የሚኖሩት አክስቴ ብቻ ነበሩ። ሴቶች ጥጥ ሲፈትሉ በአገውኛ የሚቀባበሉት ነው፤ ለወንድ አይነገርም። እኔ በልጅነቴ ከአገር ስለወጣሁ ቁርጥራጩን ብቻ ነው የሰማሁት። አክስቴ ደግሞ ሴት ልጅ የላቸውም፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። እሳቸው ካለፉ ተረቱም አብሯቸው መቀበሩ ነበር።

ደብዳቤ ላክሁላቸው፤ ፊደል ስለማይቆጥሩ የሚያነቡላቸው ጎረቤታቸው ቄሱ ናቸው። «መምህርት» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። በዚያ ቃል ፕሮፌሰሯ እኔን የመሰለች የኤቢሲዲ አስተማሪ መስላ ታየችኝ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር ሐሙስ ይመጣሉ» ብዬ ጻፍኩ። አንቱታ ደግሞ ሴት ይሁን ወንድ አይለይም። እንዲያውም በአጻጻፌ ኮራሁ፣ ሞኝ!

ሐሙስ በፈረስ ስንደርስ የአክስቴ በር ተዘግቷል። እሳቸው ጎረቤት፣ ቄሱ ቤት ገብተዋል ተባልኩ። ሄድኩ፤ ከጓዳ አልወጣም አሉ። ፕሮፌሰሯ የምትቆየው አንድ ቀን ነው፤ በማግስቱ መኪናው ከቆሰበር ይነሳል። መጋረጃው ሥር ተቀመጥኩና ለመንኳቸው።

«ለወንድ የሚነገር አይደለም፤ እያወቅሽ ወንድ ታመጭብኛለሽ?»

«ሴት ናት እኮ፣ እትዬ!»

ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ደብዳቤሽ ሴት መሆኗን ምነው ደበቀው? ሴት ብትባል ክብሯ ይጎድል ኖሯል?» አሉ።

አፈርኩ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሴትዮዋን ከሩቅ አዩዋትና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን እሳቸው እየፈተሉ ተረቱን ነገሩን። ጉሙ ከውሃው እየተነሳ ይመጣና ይሸፍነናል፣ ደግሞ ይገልጠናል። እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ድምፃችን ከማን አፍ እንደሚወጣ እስኪጠፋኝ ድረስ ደስ አለኝ።

ማታ በመንገድ ላይ አክስቴ ለምን እንደተደበቁ ለፕሮፌሰሯ ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። በእሷ አገር ሕፃናት የምታስተምር ሴት «አንስቲቲውትሪስ»፣ የምትተረጉም «ትራዱክትሪስ» ትባላለች፤ ማንም አይከፋውም። ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ግን የሴት ስም የለም፤ እሷን የሚጠሯት «ማዳም ለ ፕሮፌሰር» ብለው ነው፣ «ለ» የሚሉት ከወንድ ስም ፊት የሚገባ ቃል ነው። መጨረሻው ላይ «ኧ» የሚሏትን ፊደል ቢጨምሩ እንኳ በጽሑፍ ትታያለች እንጂ በጆሮ አትሰማም፤ እሷንም ቢሆን የሚጽፍ የለም። መጽሐፍ ለጻፈች ሴት «ኦትሪስ» የሚል የቆየ ቃል አለ፣ እሱ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አታሚዎቹ ግን ስህተት ነው ብለው ያርሙታል። እኔ በአማርኛ «መምህርት»፣ «ደራሲት» እንደምንል ስነግራት ሁለቱንም አስደግማ ደብተሯ ላይ አጻፈችኝ። ይህ ሁሉ ቃል እያለኝ መሰረዜን ግን አልነገርኳትም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ መጽሐፉ በፖስታ መጣ። ይዤው አክስቴ ዘንድ ሮጥኩ። ከተረቱ ራስጌ ስማቸው ታትሟል፤ ከሥሩ «ኦትሪስ» ይላል። አነበብኩላቸው።

«ምን ማለት ነው?»

«ደራሲት።»

«እኔ መች ጻፍኩ!» አሉና ሳቁ። ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ የፕሮፌሰሯስ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ሽፋኑን አሳየኋቸው። እዚያ ያለው ያው የወንዱ «ፕሮፌሰር» ነው። ደብዳቤዋ ውስጥ አታሚዎቹ የሴት ስያሜ ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ ብቻ እናትማለን፣ ምረጪ እንዳሏት፣ የአክስቴን እንደመረጠች ጽፋለች።

አክስቴ እንዝርታቸውን መሬት አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ለእኔ ሰጥታ እሷ ቀረች?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ወረቀት አውጪ አሉኝ። በአማርኛ ይሁን፣ በእሷ ቋንቋማ እንደገና ይነጥቋታል አሉ። ብዕሬን ከፍቼ ጠበቅኋቸው።

«‹ለመምህርት› ብለሽ ጀምሪ» አሉኝ፤ «እንዳትሰርዢው ደግሞ።»

መሰረዜን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ያን ሐሙስ እኛ ከሄድን በኋላ ደብዳቤውን ለቄሱ ዳግመኛ አስነብበው ኖሯል፤ ከሰረዙ ሥር ቃሉ ይታይ ነበር።